በፌስታል የመጣ የአንድ ዓመት ሒሳብ

በሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንዲት የካፌ ባለቤት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ካፌዋ ካቺሲ ውስጥ ናት። ካቺሲ የግንደበረት ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው መንገድ ጊንጪ ላይ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ይደረስባታል። ሴትዮዋ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የተጨማደዱ ደረሰኞች፣ የለስላሳ አከፋፋዩ የዱቤ ወረቀቶች፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ የተጻፉ የወተት ሒሳቦች፣ በዘይት የወዛ ደብተር፣ አንድ የባንክ ደብተርና ስልኳ ወጡ። ደብተሩ ግማሹ በቁቤ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው።

“ጋሼ፣ ከስሬያለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት ቆሜ፣ እጄ ላይ ያለው ሃያ አራት ሺህ ብር ነው። ስጀምር ሁለት መቶ ስልሳ ሺህ ነበረኝ” አለችኝ።

ይህን ንግግር የንግድ ሥራ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያነጻጸረችው በመነሻው ቀን የነበረውን ገንዘብና በመድረሻው ቀን የቀረውን ገንዘብ ነው፤ በመካከል ገንዘቡ ምን ሆኖ እንደተለወጠ ግን አላየችም። በዚህ ምዕራፍ ያንን ፌስታል ይዘን የመጀመሪያ ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ እንሠራለን። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፣ የባለቤቷንም ማንነት እንዳይታወቅ አድርጌያለሁ። አሠራሩ ግን አምቦም ሆነ ጌዶ፣ ባኮም ሆነ ጊንጪ ላለ ካፌ ያው ነው።

መጀመሪያ ዓመቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ እንወስን። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ አብዛኛው ነጋዴም ግብሩን የሚያሳውቀው በዚሁ ዓመት ነው። የእኛ ካፌ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ተከፍታ ሰኔ 30 ቀን 2017 አንድ ዓመት ሞላት። መስከረም ላይ ብትከፈት ኖሮ የመጀመሪያው መግለጫ የአሥር ወር ይሆን ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣ ደረሰኝ ቀኑን የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2016 በእነሱ ጁላይ 8 ቀን 2024፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ደግሞ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። ስለዚህ “05/07/2025” የሚል ደረሰኝ ሐምሌ 5 የተገዛ መስሏት ለአዲሱ ዓመት ለይታው ነበር። ጁላይ 5 ግን ሰኔ 28 ነው፤ ወጪው የአሮጌው ዓመት ነው። ደረሰኙ ላይ የኢትዮጵያውን ቀን በእስክሪብቶ አስጻፍኳት። የማሽን ወረቀት ደግሞ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል። ከፌስታሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የነጡ ደረሰኞች አግኝተናል፤ ምን እንደተገዛባቸው እሷም ማስታወስ አልቻለችም። ስልክ ያለው ሰው ደረሰኙን የተቀበለ ዕለት ፎቶ ቢያነሳው ይበቃዋል።

ከዚያ ወረቀቶቹን በየዓይነታቸው ከመርን። አንደኛው ክምር ለሚሸጥ ምግብና መጠጥ የወጣው ነው፦ ቡና፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ወተት፣ ለስላሳ፣ አምቦ ውሃ፣ ከሌላ ሰው ተረክባ የምትሸጠው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ። ሁለተኛው ቤቱን ለማስኬድ የወጣው ነው፦ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ ከሰል፣ የመኪና ጭነት። ሦስተኛው ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ የተገዛበት ነው፦ ያገለገለ የማኪያቶ ማሽን በ90,000፣ ፍሪጅ በ45,000፣ ወንበርና ጠረጴዛ ከሌላው ዕቃ ጋር በ45,000፣ በድምሩ 180,000 ብር። አራተኛው ከካፌዋ ጋር ምንም የማይገናኝ ነው፦ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የእድር፣ የቤት ወጪ።

ስንከምር ሁለት ጊዜ የገባ ወጪ አገኘን። የለስላሳ አከፋፋዩ ዕቃውን ሲያወርድ የዱቤ ደረሰኝ ይሰጣታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትከፍለው ደግሞ የገንዘብ መቀበያ ይጽፍላታል። እሷ ሁለቱንም እንደ ግዢ ደምራቸዋለች። ግዢው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ወረቀት ዕዳው መከፈሉን ብቻ ይናገራል። ይህን የምንለየው መቀበያው ላይ የዱቤ ደረሰኙ ቁጥር ተጽፎ እንደሆነ በማየት ነው። ካልተጻፈ አንድ ዓይነት የገንዘብ መጠን ያላቸውን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ ነው። ሁለቱን በስቴፕለር ካያያዝናቸው በኋላ ጉዳዩ አለቀ።

ሌላው አከፋፋዩ በመጀመሪያው ቀን የወሰደባት የጠርሙስና የሳጥን መያዣ 4,800 ብር ነው። ይህ ወጪ አይደለም። ባዶውን ጠርሙስ ከነሳጥኑ ስትመልስ ገንዘቧን ትቀበላለች፤ ስለዚህ ሌላ ሰው እጅ ያለ የእሷ ንብረት ነው። ወጪ የሚሆነው ጠርሙስ የተሰበረ ዕለት ነው።

ወተት የሚያመጡላት የገጠር ሴቶች ናቸው፤ ደረሰኝ ከእነሱ አይጠበቅም። ያም ሆኖ ወተቱ ተገዝቷል፣ ማኪያቶ ሆኖም ተሸጧል፤ ከመግለጫው ሊወጣ አይችልም። በሲጋራ ካርቶን የተጻፉትን ሒሳቦች ደምረን 60,000 ብር አገኘን። በቀን አራት ሊትር በ50 ብር፣ ወተት የተገዛባቸውን ቀናት 300 ብለን ስንቆጥር ያው 60,000 መጣ። ለሚቀጥለው ዓመት ቀን፣ የሻጯ ስም፣ ሊትር፣ ዋጋና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለው የግዢ ማረጋገጫ እንድታዘጋጅ ነገርኳት። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ደረሰኝ ለሌለው ግዢ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚቀበል ግን አስቀድማ ሄዳ መጠየቅ አለባት። ለራሷ የሚሠራው እውነተኛ ሒሳብና ለግብር የሚፈቀደው ወጪ ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም።

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን፤ ሽያጩ ስንት ነበር? ደብተሯ ላይ በየምሽቱ ከመሳቢያ የቆጠረችው ገንዘብ ተጽፏል። ድምሩ 605,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር “ሽያጭ” ብሎ ወደ መግለጫው ያስገባዋል። እኔ ግን ደብተሩን ለብቻው አላምነውም፤ ውሸታም ሆና ሳይሆን ማታ የሚቆጠር ገንዘብ ቀን የወጣበትን ስለማያሳይ ነው። ስለዚህ ከሌላ በር እንግባ። ገንዘቡ የት የት እንደሄደ እናውቃለን፤ ከዚያ ተነስተን ከየት እንደመጣ እናገኛለን።

በዓመቱ ውስጥ ከካፌዋ ገንዘብ የወጣውን ሁሉ ደመርን። ለሚቆይ ዕቃ 180,000፣ ለጠርሙስ መያዣ 4,800፣ ለሚሸጠው ዕቃ አቅራቢዎች 402,000 (የወተቱ 60,000 እዚህ ውስጥ ነው)፣ ለኪራይ 60,000፣ ለሁለት ሠራተኞች ደመወዝ 72,000፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለከሰል 31,000፣ ለጭነት፣ ለጥገና፣ ለፈቃድና ለመሳሰሉት 19,200። ወንድሟ ካበደራት ገንዘብ 20,000 መልሳለች። ለራሷና ለቤቷ ያነሳችው ደግሞ 136,000 ነው። የዚህን የመጨረሻ ቁጥር አመጣጥ ወደ ኋላ አሳያለሁ። ሁሉም ሲደመር 925,000 ብር ይሆናል። ሰኔ 30 ማታ በመሳቢያ፣ በባንክና በቴሌብር በድምሩ 24,000 ብር ቀርቷታል። ስለዚህ በዓመቱ በእጇ የገባው ገንዘብ 949,000 ብር መሆን አለበት፤ ካልገባ ሊወጣም ሊቀርም አይችልም።

ከዚህ ውስጥ ከደንበኛ ያልመጣውን እናውጣ። ስትጀምር የራሷ 200,000 ብር ነበር፤ ወንድሟ ያለ ወለድ 60,000 አበድሯታል። ጥር ላይ እቁብ ደርሷት 20,000 ብር ወደ ካፌው ባንክ ደብተር አስገብታለች። እቁቡን ሰው አይቶት “ጥር ላይ ሽያጭሽ ጥሩ ነበር” ብሏት ይሆናል፤ ባንክ ደብተሩ ላይ ከሌላው ገቢ የሚለየው ነገር የለም። እሱ ግን ባለቤቷ በሥራው ላይ የጨመረችው ገንዘብ እንጂ ሽያጭ አይደለም። ሦስቱ ሲደመሩ 280,000 ናቸው። ከ949,000 ላይ ሲቀነሱ 669,000 ብር ይቀራል፤ ከደንበኞች በእጅ የተቀበለችው ይህ ነው።

ደብተሯ 605,000 ይላል፤ ልዩነቱ 64,000 ነው። “ወተቱን የምትከፍዪው መቼ ነው?” አልኳት። “ጠዋት ከመሳቢያ፤ እነሱ ማታ ድረስ አይቆዩም” አለች። ማታ ስትቆጥር የወተቱ ገንዘብ ከመሳቢያው ወጥቷል። 60,000ው በዚህ ተገኘ። ለቤት የምታነሳውንስ? እሱን የምትወስደው ከቆጠረች በኋላ ነው፤ ስለዚህ ደብተሩ ውስጥ አለ። የቀረው 4,000 ብር ሳትጽፍ ያመለጧት ጥቂት ምሽቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ መጠን ላለ ሥራ ይህን ያህል ልዩነት አላስጨነቀኝም። ልዩነቱ አርባ ሺህ ቢሆን ኖሮ ግን ወይ የተረሳ ብድር፣ ወይ ሁለቴ የተደመረ ወጪ አለ ብዬ ወደ ክምሮቹ እመለስ ነበር።

የዱቤው ነገር ቀረን። መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ወሩን ሙሉ ጠጥተው ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላሉ። ሰኔ 30 ላይ በዱቤ መዝገቡ ያልተከፈለ 17,000 ብር አለ። ቡናው በዚህ ዓመት ተፈልቷል፣ ተጠጥቷልም፤ ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ቢመጣም ሽያጩ የዚህ ዓመት ነው። 669,000 እና 17,000 ተደምሮ የዓመቱ ሽያጭ 686,000 ብር ሆነ። ከ17,000ው ውስጥ 3,000 ብር ተዛውሮ ከከተማው የሄደ፣ ስልኩም የማይነሳ ሰው ያለበት ነው። ይህን ከሽያጩ ላይ አንሰርዘውም፤ የማይሰበሰብ ዕዳ ብለን ከወጪዎች ጋር እንጽፈዋለን። እንዲህ ሲደረግ በዓመቱ ዱቤ ምን እንዳሳጣት ለብቻው ይታያል።

ይህ ሽያጭ እውነት መሆኑን ከዕቃው በኩል እንፈትነው። በዓመቱ 180 ኪሎ ጥሬ ቡና ተጠቅማለች። ቡና ሲቆላ ክብደቱን ያጣል፤ ከስድስት እጅ አንዱ ቢሄድ 150 ኪሎ የተቆላ ቡና ይቀራል። ለአንድ ስኒ 10 ግራም ብንል 15,000 ስኒ ነው። ጀበናውንና ማኪያቶውን አቀላቅለን በአማካይ 20 ብር ብንይዝ 300,000 ብር። የሸጠችው ለስላሳና አምቦ ውሃ 150 ሳጥን ነው፤ በሳጥን 24 ጠርሙስ፣ በጠርሙስ 40 ብር፣ 144,000 ብር። ሁለቱ 444,000 ናቸው። ከ686,000 ላይ 242,000 ብር ለሻይ፣ ለሳምቡሳና ለቦምቦሊኖ ቀረ። በቀን ሲከፈል ወደ 660 ብር ነው። “በቀን ስንት ሻይ፣ ስንት ሳምቡሳ ትሸጫለሽ?” አልኳት፤ ቁጥሬን ሳልነግራት። “ሻይ ሃያ አካባቢ፣ የሚበላው ሠላሳ ይሆናል” አለች። ሻይ በ10፣ የሚበላው በ15 ብር 650 ብር ነው። ተገናኘ። በቀን ሁለት ሺህ ብር የሻይና የሳምቡሳ ሽያጭ የሚጠይቅ ቁጥር ቢወጣ ኖሮ ሽያጭ ያልሆነ ገንዘብ ተቀላቅሏል ማለት ነበር። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ከዘመድ የተላከ ገንዘብ በዚያው ቴሌብር ሲገባ ነው።

ሽያጩን ካገኘን፣ ያንን ሽያጭ ለመሸጥ ምን ያህል ዕቃ አለቀ? ለአቅራቢዎች 402,000 ከፍላለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ አከፋፋዩ ያወረደላት፣ ገና ያልከፈለችው የ14,500 ብር ለስላሳ አለ፤ ግዢ ስለሆነ ይደመራል፤ 416,500። ከዚህ ውስጥ ግን ሁሉም ካፌ ውስጥ አልቀረም። ስኳርና ቡና ወደ ቤት ትወስዳለች። “በሳምንት ስንት?” ብዬ ከእሷ ጋር ስንገምት በግዢ ዋጋ 8,500 ብር ሆነ። ይህ ባለቤቷ በዕቃ የወሰደችው ነው፤ ከካፌው ወጪ ይወጣል። 408,000 ቀረ። በመጨረሻም ሰኔ 30 ማታ መደርደሪያ ላይ የነበረው ስኳር፣ ቡናና ለስላሳ በግዢ ዋጋው 18,000 ብር ነው፤ እሱ ገና አልተሸጠም። ሲቀነስ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 390,000 ብር ሆነ። ከ686,000 ላይ 390,000 ስናነሳ ያልተጣራ ትርፍ 296,000 ብር ነው። ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሽያጭ 43 ብር ያህል ኪራዩን፣ ደመወዙንና ሌላውን ለመሸከም ይቀራል ማለት ነው።

የመደርደሪያው ቆጠራ ቀላል ይመስላል፤ ግን በዚህ መግለጫ ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራ የማይችል አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ደረሰኝ ቢጠፋ አከፋፋዩ ዘንድ ቅጂ አለ፤ የባንኩ ወረቀት ይታተማል። ሰኔ 30 ማታ ስንት ኪሎ ስኳር እንደነበር ግን በነሐሴ ማንም ሊነግረን አይችልም። እሷ ዕድለኛ ነበረች፤ በዚያው ሳምንት ስለመጣች የገዛችውንና የተጠቀመችውን አስታውሳ ወደ ኋላ ቆጠርን።

የቀሩት ወጪዎች ፈጥነው ያልቃሉ። ኪራይ 60,000 ከፍላለች፤ ወሩ 4,000 ስለሆነ የዓመቱ 48,000 ብቻ ነው። ሰኔ ላይ አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ጠይቋት የከፈለችው 12,000 የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ነው። መብራት፣ ውሃና ከሰል 31,000 ተከፍሏል፤ የሰኔው የመብራት ቢል 1,800 ሐምሌ ላይ ቢመጣም የተጠቀመችው ሰኔ ነውና 32,800 ይሆናል። ደመወዝ 72,000። ለሠራተኞቹ ጡረታ የሚከፈል ከሆነ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶም እዚህ ይገባል፤ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው 7 በመቶ ግን ከደመወዙ ውስጥ ስለሆነ ዳግመኛ አይጻፍም። ጭነትና ልዩ ልዩ 19,200፣ የማይሰበሰብ ዱቤ 3,000።

የማኪያቶ ማሽኑና ፍሪጁስ? እሷ 180,000ውን በሙሉ እንደ ዘንድሮ ወጪ ስለቆጠረችው ነው “ከስሬያለሁ” ያለችው። ማሽኑ ግን ሰኔ 30 ላይ አላለቀም፤ ሐምሌ 1 ጠዋትም ማኪያቶ አፍልቷል። ስለዚህ በየዓመቱ ያረጀውን ያህል ብቻ ወጪ እንጽፋለን። በ2009 የወጣው የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ በቀጥተኛው ዘዴ 15 በመቶ የእርጅና ተቀናሽ ደንግጓል። የ180,000 አሥራ አምስት በመቶ 27,000 ብር ነው። ያገለገለ ማሽን ከዚያ ፈጥኖ ሊያረጅ ይችላል፤ እኔም ለራሷ ሒሳብ ከዚህ ከፍ አድርጌ ብይዘው አልሳሳትም ነበር፤ ሆኖም አንድ መግለጫ ለሁለቱም እንዲያገለግላት በደንቡ ሄድን።

አሁን ሙሉው ወረቀት ይህን ይመስላል፦

ሽያጭ — 686,000
የተሸጠው ዕቃ ዋጋ — 390,000
ያልተጣራ ትርፍ — 296,000

ኪራይ — 48,000
ደመወዝ — 72,000
መብራት፣ ውሃ፣ ከሰል — 32,800
ጭነት፣ ጥገና፣ ፈቃድ፣ ልዩ ልዩ — 19,200
የማይሰበሰብ ዱቤ — 3,000
የእርጅና ተቀናሽ — 27,000
ጠቅላላ ወጪ — 202,000

ከግብር በፊት የተጣራ ትርፍ — 94,000

ወረቀቱን ስሰጣት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። “ታዲያ የት አለ?” አለች።

መልሱ አራተኛው ክምር ውስጥ ነው። ባለቤት ለራሱ የሚያነሳው ገንዘብ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ውስጥ አይገባም፤ ትርፉን ለማግኘት የወጣ ወጪ ሳይሆን ትርፉን፣ አንዳንዴም ካፒታሉን፣ መውሰድ ነው። ለግብርም ቢሆን የግል ወጪ ተቀናሽ አይሆንም። እሷ ግን ለራሷ የወሰደችውን አልጻፈችውም ነበር፤ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ፈለግነው። እቁቡ በሳምንት 500 ብር ነበር፤ 52 ሳምንት፣ 26,000። የልጆቹ ትምህርት ከነዩኒፎርሙ 30,000። ለቤት በወር 6,000፣ በዓመት 72,000። እድር፣ ለቅሶና ሠርግ 8,000። በገንዘብ 136,000፣ በስኳርና በቡና 8,500፤ በድምሩ 144,500 ብር። እቁቡን ስጽፍ ተቃውማኝ ነበር፤ “እሱማ ቁጠባ ነው፣ አልበላሁትም” ብላ። ልክ ናት፣ አልበላችውም። ግን ከካፌው መሳቢያ ወጥቶ ወደ ራሷ ቁጠባ ሄዷል። ሲደርሳት ወደ ካፌው የመለሰችውን 20,000 ደግሞ እሷ ያስገባችው ብለን ስለመዘገብንላት አልተበደለችም።

ካፌዋ 94,000 አተረፈች፤ ባለቤቷ 144,500 ወሰደች። ልዩነቱ፣ 50,500 ብር፣ ከመነሻ ገንዘቧ ላይ ተነስቷል። ይህ ትክክል መሆኑን የምናረጋግጥበት መንገድ አለ፤ ይህን ሳልሠራ መግለጫ አልሰጥም። እሷ ያስገባችው 220,000 ነው። ትርፉ 94,000 ሲጨመርና የወሰደችው 144,500 ሲቀነስ 169,500 ብር በካፌው ውስጥ ሊኖራት ይገባል። አለ ወይ? ሰኔ 30 ማታ ያለውን እንቁጠር። ገንዘብ 24,000፣ የሚሰበሰብ ዱቤ 14,000፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ 18,000፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 12,000፣ የጠርሙስ መያዣ 4,800፣ ማሽኑና ሌላው ዕቃ ከእርጅናው በኋላ 153,000። ድምሩ 225,800። ከዚህ የሰው ገንዘብ፦ የወንድሟ ቀሪ ብድር 40,000፣ የአከፋፋዩ 14,500፣ የመብራቱ 1,800፤ 56,300። ሲቀነስ 169,500 ብር። አንድ ብር አልጎደለም፣ አንድ ብር አልተረፈም። እርግጥ የገንዘብ ቆጠራውን ራሱን ተጠቅመን ሽያጩን ስላገኘን፣ ይህ ሚዛን በድምሮቻችን ላይ ስህተት አለመኖሩን ያሳያል እንጂ የተረሳ ሽያጭን አያጋልጥም። ለዚያ ነው ቀደም ብለን ቡናውንና ሳጥኑን ለብቻ የቆጠርነው።

አንድ ጥያቄ ቀርታ ነበር፣ እኔው አነሳሁባት። መግለጫው ውስጥ የእሷ ደመወዝ የለም። ከንጋት እስከ ምሽት የቆመችበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው በወር 4,000 ብር ብትቀጥር ዓመቱ 48,000 ነው። ከ94,000 ላይ ቢነሳ 46,000 ይቀራል። ይህ ቁጥር መግለጫው ውስጥ አይጻፍም፤ ካፌዋን ልትሸጥ፣ ሁለተኛ ልትከፍት ወይም ገንዘቧን ሌላ ቦታ ልታውል ስታስብ ግን መመልከት ያለባት እሱን ነው። የእኔ አስተያየት ይኸው ነው፦ ካፌዋ አልከሰረችም፣ ደህና ሥራ ናት፤ በወር 12,000 ብር የሚያነሳ ቤተሰብን ግን ገና መሸከም አትችልም። በዓመቱ ትርፍ ልክ ብትወስድ ኖሮ በወር 7,800 ብር ገደማ ነበር። የወንድሟም 40,000 የሚከፈለው ከትርፍ ላይ ስለሆነ፣ እሱን በሁለት ዓመት ለመጨረስ ካሰበች ከዚያም ወርዳ በወር 6,000 አካባቢ መያዝ አለባት፤ ግብሩ ደግሞ ገና አልተቀነሰም። የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወሰን በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ስለተቀየረ የየትኛው ደረጃ እንደሆነች ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት እንድትጠይቅ ላክኋት።

“ስድስት ሺህ አይበቃኝም” አለች። ተቀምጠን አሰብን። ዋጋ መጨመር ይቻላል፤ ወደ ቤት የሚሄደውን መቀነስ ይቻላል፤ ሳምቡሳውን ተረክባ ከመሸጥ ራሷ ብትጠብሰው ከዕቃው ዋጋ ላይ የሚቀንስ አለ። የትኛው እንደሚሻል በዚያ ቀን አልወሰነችም። የወሰነችው ለራሷ ደብተር ማበጀትን ነው። በአዲሱ ደብተር ግራ ገጽ ላይ ማታ የተቆጠረው፣ ቀን ከመሳቢያ የወጣውና የዱቤው ይጻፋል፤ ቀኝ ገጽ ላይ እሷ ለቤት የወሰደችው ብቻ፣ ስኳሩም ሳይቀር።

ካፌ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ፌስታላችሁን ዛሬ ባትገለብጡት ግድ የለም። ሰኔ 30 ማታ ግን በሩን ከዘጋችሁ በኋላ ሚዛን አውጥታችሁ ስኳሩን፣ ቡናውንና ሳጥኑን ቁጠሩ፤ መሳቢያውን፣ ባንኩንና ቴሌብሩን ጻፉ፤ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙበት። ያችን አንዲት ወረቀት ነሐሴ ላይ ማንም ሊሠራላችሁ አይችልም።